ፓውንድ ከማርክ የተለየበት ቀን

አንባቢ ሆይ፤ መንግሥት የገንዘቡን ዋጋ ከሌላ አገር ገንዘብ ጋር ሲያስር፣ በዚያ ዋጋ ሊሸጥ ለሚመጣ ሁሉ ገዢ ለመሆን ቃል መግባቱ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1990 ፓውንድን ከጀርመን ማርክ ጋር አሰረች፤ ዋጋውም ከ2.778 ማርክ በታች እንዳይወርድ ተወሰነ። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1992 ነጋዴዎች ፓውንዱን እንደ ጎርፍ ሲለቁት፣ የእንግሊዝ ባንክ ካከማቸው የውጭ ገንዘብ እያወጣ ገዛ። ባንኩ ፓውንድን እንደ ልቡ ያትማል፤ ማርክን ግን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ሰው ፓውንዱን መያዝ እንዲመርጥ ወለዱ ከቀትር በፊት ከ10 ወደ 12 በመቶ ከፍ አለ፤ ከቀትር በኋላም በማግስቱ 15 እንደሚሆን ተነገረ። ሆኖም ቤቱን በብድር የገዛው እንግሊዛዊ ይህን ወለድ ለብዙ ጊዜ እንደማይችለው ሻጮቹ ስለ ገመቱ፣ መሸጣቸውን አልተዉም። በዚያው ምሽት የገንዘብ ሚኒስትሩ ኖርማን ላሞንት ፓውንድ ከማኅበሩ መውጣቱን አስታወቁ፤ 15 በመቶውም ሳይሠራበት ቀረ።