የምዘና ዝንፈት፦ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ለምን ከሥራው ይርቃል?

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ሲዘጋ የሠራተኞች የአፈጻጸም ቅጽም አብሮ ይሞላል። ቅጹን የሚሞላው የቅርብ ኃላፊ ሐቀኛ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ማንንም ለመጥቀም ሆነ ለመጉዳት አላሰበ ይሆናል። እንዲያም ሆኖ የሰጠው ነጥብ ሠራተኛው ከሠራው ሥራ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። በሰው ኃይል አስተዳደር ትምህርት «ሬቲንግ ባያስ» የሚባለው ይህ ነው፤ እዚህ «የምዘና ዝንፈት» ብዬዋለሁ። «አድልዎ» የሚሉት አሉ። አድልዎ ግን በእኛ አነጋገር አስቦ ወገን መለየት ስለሆነ ገምጋሚውን ገና ከጅምሩ ከሳሽ ፊት ያቆመዋል፤ የተከሰሰ ሰው ደግሞ ቅጹን መልሶ ከማየት ይልቅ ራሱን መከላከል ይቀናዋል። ዝንፈት ያለ ክፋትም ይመጣል፣ ከተደረሰበትም ይቃናል።

ከዝንፈቶቹ ሁሉ ለማየት የሚከብደው «ሄሎ» የሚባለው ነው። ስሙ በቅዱሳን ሥዕል ራስ ዙሪያ ከሚሣለው የብርሃን ክብ የተወሰደ ስለሆነ በአማርኛ «የጸዳል ዝንፈት» ቢባል ይስማማዋል። አንድ ጎልቶ የሚታይ ባሕርይ ብርሃኑን በሌሎቹ ሁሉ ላይ ይረጫል ማለት ነው። ስሙን በምዘና ጥናት ውስጥ ያስገባው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ሲሆን፣ ጊዜውም 1920 እ.ኤ.አ. ነበር። የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን በአካል ብቃት፣ በአእምሮ፣ በመሪነትና በጠባይ ለየብቻ ነጥብ እንዲሰጧቸው ተደርጎ ነበር። ቶርንዳይክ ነጥቦቹን ሲያነጻጽር አራቱ ነገሮች ሊታመን ከሚችለው በላይ ተያይዘው ሲወጡና ሲወርዱ አገኛቸው። መኮንኖቹ ስለ ሰውየው አንድ ጥቅል አስተያየት ይዘው እሱኑ በየሣጥኑ ሲያከፋፍሉ ነበር።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ሦስት ገንዘብ ከፋዮች አሉ እንበል። የሚመዘኑት በሒሳብ ትክክለኛነት፣ በደንበኛ አቀባበል፣ በሰዓት አክባሪነትና በቡድን ሥራ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ለተጫዋቿና ለቀልጣፋዋ ሠራተኛ ኃላፊው በቅደም ተከተል 5፣ 5፣ 4፣ 5 ሰጣት፤ ድምሩ 19 ሆነ። ዝምተኛው ባልደረባዋ 3፣ 3፣ 2፣ 3 አገኘ፤ ድምሩ 11። ሦስተኛው በሁሉም 4 ተሰጠውና 16 አገኘ።

ገምጋሚው መጠርጠር ያለበት የአንድ ሰው ነጥቦች ሁሉ በአንድ ቁጥር ዙሪያ ሲሰበሰቡ ነው። መጠርጠር ግን መፍረድ አይደለም፤ በሁሉም ነገር ጎበዝ የሆነ ሰው በእርግጥም አለ። መለየት የሚቻለው ከገምጋሚው ስሜት ውጭ የተጻፈ ማስረጃ ሲገለጥ ነው። በዚህ ቅርንጫፍ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የታየ ጉድለትና ትርፍ ሁሉ ይመዘገባል። በቅርንጫፉ መለኪያ መሠረት በስድስት ወር ውስጥ ምንም ልዩነት ያልታየበት 5፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የታየበት 4፣ ሦስት ወይም አራት ጊዜ 3፣ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ 2 ያገኛል። መዝገቡ ሲታይ በተጫዋቿ አምስት ጊዜ፣ በሦስተኛው ሁለት ጊዜ ልዩነት ታይቷል፤ በዝምተኛው ግን አንድም ጊዜ አልታየም፦ የእሷ 5 ወደ 2 ይወርዳል፣ የዝምተኛው 3 ወደ 5 ይወጣል፣ የሦስተኛው 4 ባለበት ይጸናል። የሦስተኛው ነጥቦች ሁሉ እኩል ቢሆኑም በዚህ መስፈርት ዝንፈት አልተገኘባቸውም።

ኃላፊው ከመጀመሪያው ስሕተቱን የሚቀንስበት መንገድ የአሞላሉን ቅደም ተከተል መለወጥ ነው። አንድን ሰው ይዞ አራቱንም መስፈርት ከመጨረስ፣ አንድ መስፈርት ይዞ ሦስቱንም ሰዎች መጨረስ። በሒሳብ ትክክለኛነት ለሦስቱም ነጥብ ሰጥቶ ወረቀቱን ያስቀምጣል፤ ስለ አቀባበል በሌላ ወረቀት፣ ቢቻል በሌላ ቀን ይሠራል። እንዲህ ሲሆን ንጽጽሩ በሥራ ላይ ያርፋል፣ የሰውየው ጠቅላላ ገጽታም ከመስፈርት ወደ መስፈርት የመሻገሪያ መንገዱ ይጠባል። ከምክር ሁሉ ይልቅ ይህችን ትንሽ ለውጥ የማምንባት፣ ገምጋሚው ስሜቱን እንዲያሸንፍ ሳትጠይቅ ሥራዋን ስለምትሠራ ነው።

የዝምተኛው ሠራተኛ የሰዓት ነጥብ 2 የሆነው በሌላ ምክንያት ነው። ምዘናው ከጥር እስከ ሰኔ ያለውን ጊዜ የሚሸፍን ቢሆንም ሰውየው ያረፈደው በሰኔ ለስድስት ቀናት ብቻ ነበር። ኃላፊው ቅጹን የሞላው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ያለፉት አምስት ወራት ተሸፈኑበት። ይህ «የቅርብ ጊዜ ዝንፈት» ነው። የመግቢያ ሰዓት መዝገቡ ሲታይ ነጥቡ 4 ሆነ፤ የሰውየው ድምር 15 ደረሰ፣ የተጫዋቿ ደግሞ 16። በሁለቱ መካከል የነበረው የስምንት ነጥብ ልዩነት ወደ አንድ ወረደ። በዚህ ነጥብ ላይ እድገት ወይም ጉርሻ ተንጠልጥሎ ቢሆን ኖሮ የአንድ ሰው ግማሽ ዓመት ሥራ በስድስት ጠዋቶች ይበላ ነበር።

የመግቢያ ሰዓት መዝገብ አለው፤ የቡድን ሥራና የደንበኛ አቀባበል ግን የላቸውም። ለእነዚህ ኃላፊው ራሱ ማስታወሻ መያዝ አለበት። ተመራማሪው ጆን ፍላናጋን በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዘዴ እንደሚመከረው የሚጻፈው ድርጊት ነው። «ታታሪ ነው» የሚል ቃል ከስድስት ወር በኋላ ምንም አያስታውስም። «የካቲት 12፣ የጡረታ ክፍያ ቀን፣ ሳይጠየቅ ሁለተኛውን መስኮት ከፈተ» የሚለው ግን በማንም ፊት ይቆማል። በየሁለት ሳምንቱ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሁለት መስመር ይበቃል።

«የማላላት ዝንፈት» ከሁለቱ ይለያል። ኃላፊው ለሁሉም ከፍተኛ ነጥብ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ እያወቀ ነው፤ ነገም አብሯቸው ይውላልና፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ፊት መቆምም አይፈልግም። እዚህ ላይ መሥሪያ ቤቶች የሚቸኩሉበት መፍትሔ አለ፦ ኃላፊዎችን ሰብስቦ «ነጥብ አታብዙ፣ ከፋፍሉ» ማለት። በርናርዲንና ፔንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለው ሥልጠና ነጥቡን ዝቅ እንደሚያደርገው፣ ትክክለኛነቱን ግን እንደሚቀንሰው አሳየ። ሠልጣኞቹ አሮጌውን ልማድ በአዲስ ልማድ ተኩ እንጂ ሥራውን አጥርተው አላዩም።

የተሻለው «የጋራ መለኪያ ሥልጠና» ሊባል የሚችለው ነው። ኃላፊዎቹ ስለ አንድ ሠራተኛ የተጻፈ ተመሳሳይ ታሪክ ያነባሉ፣ እያንዳንዱ ሳይነጋገር ነጥብ ይጽፋል፣ ከዚያ አንዱ 3 ሌላው 5 የሰጠበትን ምክንያት ከድርጊቱ እየጠቀሱ ይከራከራሉ። ነጥቡ አስቀድሞ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ሁሉም የሥራ አስኪያጁን ፊት አይቶ ይሰጣል። በትክክለኛው ምዘና ወቅትም የየክፍሉ ነጥብ በዚሁ መንገድ ቢመረመር ያላላውም ያጠበቀውም ይታያል።

ማስረጃውም ቢሆን የራሱ ዝንፈት አለው። ረጅም ሰልፍ ያለበት መስኮት ላይ የምትሠራ ገንዘብ ከፋይ ብዙ ክፍያ ስለምታስተናግድ የሒሳብ ልዩነት የሚገጥማት ዕድል ይበዛል፤ አምስቱን ጊዜ ከክፍያው ብዛት ጋር ሳያነጻጽሩ 2 መስጠት ትክክል አይሆንም። የኃላፊው ማስታወሻም ከቢሮው በር ፊት ለፊት ለተቀመጠው ሠራተኛ አሥር መስመር፣ ከኋላ ላለው ሁለት መስመር ይዞ ከተገኘ ነጥቡን ከመስጠቱ በፊት ወደ ኋለኛው መስኮት ሄዶ ሥራውን ማየት፣ ባልደረቦቹንም መጠየቅ ይኖርበታል።