ኤቲኤሙ ብር ሳይሰጥ ከሂሳብ ከቆረጠ ገንዘቡ እንዴት ይመለሳል?

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ማታ፣ ሸዋ ሮቢት። ባልደረባችን ከኤቲኤም 3,000 ብር ጠየቀ። ማሽኑ ቆጠረ ቆጠረና መብራት ጠፋ። ብር አልወጣም፤ ስልኩ ላይ ግን 3,000 ብር ተቀንሷል የሚል መልእክት ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ መጀመሪያ ባንኩን ይጠይቃል። ባንኩ ከሂሳብ ቀንሶ «ስጠው» ይለዋል፤ ብሩ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ብሩ ውስጥ ከተቀረቀረ ወይም መስመሩ ከተቋረጠ ማሽኑ «አልሰጠሁም፣ መልስለት» ብሎ መላክ አለበት። ይሄ መልእክት ከደረሰ ገንዘቡ ራሱ ይመለሳል። ካልደረሰ ግን ማመልከት የግድ ነው። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ፣ ተመልሶ ሊሆን ይችላል።

ባልደረባችን በነጋታው የሄደው ማሽኑ ወደተተከለበት ባንክ ነበር። ካርዱ የሌላ ባንክ ስለሆነ መለሱት። ልክ ናቸው፤ አቤቱታ የሚቀርበው ካርዱን ለሰጠው ባንክ ነው። እሱ ጥያቄውን የባንኮቹን ማሽኖች በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ለማሽኑ ባለቤት ያስተላልፋል። ካርዱም ማሽኑም የአንድ ባንክ ከሆኑ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል።

ቀጥሎ የመጣው ስህተት የብዙዎቻችን ነው። ቅጹ ላይ «ጥቅምት 12፣ 2:14 ሰዓት» ብሎ ሞላ። የማሽኑ መዝገብ ደግሞ የሚለው ኦክቶበር 22፣ 20:14 ነው። ፈላጊው በ2:14 ምንም አላገኘም፤ «እንዲህ ያለ ወጪ የለም» ተባለ። ቀኑንና ሰዓቱን ከስልክ መልእክቱ ላይ እንዳለ ገልብጦ፣ የካርዱን የመጨረሻ አራት ቁጥሮችና የማሽኑን ቦታ ጨምሮ ሲያስገባ ተገኘ። ደረሰኝ ከወጣላችሁ እንዳትጥሉት፣ የወጪው መለያ ቁጥር እዚያ ላይ አለ።

ማስረጃው የሚገኘው ማሽኑ ተከፍቶ ሲቆጠር ነው። ለምሳሌ 400,000 ብር ተጭኖ፣ በመዝገቡ 352,000 ወጪ ከሆነ 48,000 መቅረት አለበት። 51,000 ከተገኘ ያ ትርፍ 3,000 የአንድ ሰው ነው። የተጨማደዱና ሳይወሰዱ ተመልሰው የገቡ ኖቶች የሚጠራቀሙበት ሳጥንም አብሮ ይቆጠራል። የባልደረባችን ብር የተገኘው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። ሲመለስለት የአገልግሎት ክፍያውም መመለሱን አየ፤ እናንተም እዩ፣ አንዳንዴ ይረሳል።

ትርፍ ካልተገኘና መዝገቡም «ተከፍሏል» ካለ አቤቱታው ውድቅ ይሆናል። ብሩን ከእናንተ በኋላ የቆመ ሰው ወስዶት ከሆነም ትርፍ አይገኝም፤ ያኔ የሚረዳው የካሜራ ምስል ነው። ምስሉ ለዘላለም ስለማይቀመጥ ጥያቄውን በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ አስገቡ፣ የተቀበሉበትን ቁጥርም ያዙ። በባንኩ መልስ ካልተስማማችሁ ቀጣዩ በር ብሔራዊ ባንክ ነው፤ እዚያም መጀመሪያ የምትጠየቁት ይህንኑ ወረቀት ነው።