በሥራ ጫና የዛለ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ሲጠይቅ ምን ይጽፋል? ምንስ አይጽፍም?

በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ቢሮዎች አንድ ሠራተኛ ወባ ወይም የእግር ስብራት ሲያጋጥመው የሕመም ፈቃድ ለመጠየቅ ብዙ አያስብም። እንቅልፍ ለሳምንታት ያጣ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ለመነሣት አቅም ያነሰውና ቀላል ስሌት መሳሳት የጀመረ ሠራተኛ ግን ደብዳቤውን ከመጻፉ በፊት ሁለት ነገሮች ያስጨንቁታል። ምክንያቱን ቢዘረዝር "አእምሮው ተነካ" የሚል ስም ይወጣለታል፤ ቢደብቅ ደግሞ ውሸታም እንዳይባል ይሰጋል።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ አለ። አሠሪው ማወቅ የሚገባው ሠራተኛው ለሥራ ብቁ አለመሆኑን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚቀርና ይህን የሚያረጋግጥ ሐኪም መኖሩን ነው። የሕመሙ ስም፣ መነሻውና የሚወሰደው መድኃኒት በሠራተኛውና በሐኪሙ መካከል የሚቀሩ ጉዳዮች ናቸው።

"በርንአውት" በሕግ ፊት በሽታ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ፣ በርንአውት በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ሁኔታ ተደርጎ ተገልጿል። ሦስት መለያዎችም ተቀምጠውለታል፦ የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራ በስሜት መራቅ ወይም ለሥራው የጥላቻ ስሜት ማደር፣ እንዲሁም የሥራ ውጤታማነት ማሽቆልቆል። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ሁኔታውን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ ብሎ አልመደበውም።

ይህ ልዩነት በደብዳቤው አጻጻፍ ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው። "በሥራ ብዛት ስለተሰላቸሁ ዕረፍት ይሰጠኝ" ተብሎ የተጻፈ ማመልከቻ የሕመም ፈቃድ ጥያቄ ሆኖ አይታይም፤ አሠሪው "የዓመት ፈቃድህን ውሰድ" ብሎ ሊመልሰው ይችላል። በሌላ በኩል እንዲህ ያለ መዛል የደረሰበት ሰው ሲመረመር ድባቴ፣ የጭንቀት ሕመም ወይም የእንቅልፍ መታወክ ሊገኝበት ይችላል። እነዚህ በሽታዎች ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ደብዳቤ መጻፍ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነው።

ሕጉ ምን ይፈቅዳል?

በኢትዮጵያ በግል ድርጅቶችና መንግሥታዊ ባልሆኑ ተቋማት የሚሠሩ ሠራተኞች የሚተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው አዋጅ ይመራሉ።

በአዋጅ 1156 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰና በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ውጭ በሆነ ሕመም መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ያገኛል። ፈቃዱ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ፣ ሕመሙ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ባሉት 12 ወራት ውስጥ ከስድስት ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም።

ሠራተኛውም ሁለት ግዴታዎች አሉበት። አንደኛው፣ አሠሪው ሕመሙን የሚያውቅበት ሁኔታ ከሌለ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በስተቀር፣ ከሥራ በቀረ ማግስት ማሳወቅ ነው። ሁለተኛው፣ ዕውቅና ካለው የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ማቅረብ ነው። አዋጁ በሥጋዊና በአእምሮ ሕመም መካከል ልዩነት አያደርግም።

በኬንያ ያለው መብት ጠበብ ያለ ነው። የ2007 የሥራ ሕግ ለሁለት ተከታታይ ወራት ለሠራ ሰው በ12 ወራት ውስጥ ቢያንስ ሰባት ቀን ከሙሉ ደመወዝ፣ ከዚያም ሰባት ቀን ከግማሽ ደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። በመሆኑም በናይሮቢ የሚሠራ ሰው ረዘም ላለ ፈቃድ በቅጥር ውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ የተሻለ ነገር መኖሩን አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል።

ማኅተሙም ይናገራል

ብዙዎች በደብዳቤው ቃላት ላይ ሲጠነቀቁ፣ አባሪ ሆኖ የሚሄደውን የሕክምና ማስረጃ ይዘነጉታል። የሕመም ፈቃድ ቅጾች የምርመራ ውጤት የሚጻፍበት መስመር ሊኖራቸው ይችላል። ሐኪሙ እዚያ ላይ የሕመሙን ስም ከጻፈው፣ በደብዳቤው ላይ የተጠበቀው ምስጢር ከመዝገብ ቤት እስከ ደመወዝ ከፋይ ድረስ ይነበባል።

ስለዚህ ታካሚው ከምርመራ ክፍሉ ሳይወጣ ጥያቄውን ማቅረብ አለበት። "ማስረጃው ለአሠሪዬ የሚቀርብ ስለሆነ፣ ለሥራ ብቁ አለመሆኔንና የዕረፍት ቀናቱን ብቻ ቢገልጽልኝ" ማለት በቂ ነው። ሐኪሙ "በሕመም ምክንያት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል" ብሎ መጻፍ ይችላል።

የተቋሙ ስም ራሱ መረጃ የሚሰጥበት ጊዜም አለ። የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት፣ ምንም ባይጻፍበት እንኳ፣ ሕመሙ ከምን ጋር እንደሚያያዝ ይጠቁማል። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ባለው ጠቅላላ ሆስፒታል የታከመ ሰው የሚያገኘው ማስረጃ ግን ከሌሎች ታካሚዎች አይለይም። ይህ የሕክምናውን ጥራት የሚመለከት ሳይሆን፣ ምርጫ ላለው ሰው አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

አንድ ምሳሌ

በአንድ የግል የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ለሦስት ዓመት የሠራችና ወርኃዊ ደመወዟ 24,000 ብር የሆነ የሒሳብ ሠራተኛን እንውሰድ። ጥቅምት 3 ሐኪም ዘንድ ቀርባ ከማግስቱ ጀምሮ የ21 ቀን ዕረፍት ታዝዞላታል። በዚያ ምሽት የጻፈችው የመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

"ላለፉት ስምንት ወራት የሁለት ሰው ሥራ ስሠራ ቆይቻለሁ። አለቃዬ ሌሊት ጭምር እየደወሉ ስለሚያስጨንቁኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ሁልጊዜ ያስለቅሰኛል። መድኃኒት ጀምሬያለሁ። እባካችሁ እስኪሻለኝ ድረስ ፈቃድ ስጡኝ።"

የተጻፈው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ግን ሦስት ችግሮች አሉበት። የሕመም ፈቃድ ጥያቄንና በአለቃ ላይ የሚቀርብ አቤቱታን ቀላቅሏል፤ በዚህም ፈቃዱን የሚወስነው ሰው ራሱን ወደ መከላከል ሊገባ ይችላል። መድኃኒትንና ለቅሶን በመጥቀሱ በግል ማኅደሯ ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ መረጃ ሰጥቷል። "እስኪሻለኝ" በማለቱ ደግሞ አሠሪው ሥራውን ለማን፣ ለስንት ቀን እንደሚሰጥ እንዳያውቅ አድርጎታል። የተስተካከለው ደብዳቤ አጭር ነው፦

"ጥቅምት 4 ቀን
ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ጉዳዩ፦ የሕመም ፈቃድ ስለመጠየቅ

በሕመም ምክንያት ሥራዬን ለማከናወን ባለመቻሌ፣ በሐኪም ትእዛዝ ከጥቅምት 4 እስከ ጥቅምት 24 ድረስ ለ21 ቀናት የሕመም ፈቃድ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ። የሕክምና ማስረጃውን 1 ገጽ አባሪ አድርጌ አቅርቤያለሁ። በእጄ ያሉ ሰነዶች ዝርዝር ለክፍሉ ባልደረባ ተላልፏል። የፈቃዱ ጊዜ የሚራዘም ከሆነ አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር"

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሐሰት የለም። "ሕመም" የሚለው ቃል ሁሉንም ይሸፍናል፤ ቀናቱ ተቆጥረዋል፤ ሥራው ባለቤት አግኝቷል። በአለቃዋ ላይ ያላት ቅሬታ ካለ፣ ስታገግም በሌላ ደብዳቤ ለብቻው ይቀርባል።

ሠራተኛዋ በዕረፍቷ ማብቂያ ላይ ስትመረመር ሐኪሙ ተጨማሪ 24 ቀናት፣ ማለትም እስከ ኅዳር 18 ድረስ፣ አዘዘላት እንበል። ጠቅላላው 45 ቀን ይሆናል። ለመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ሙሉ ደመወዟን 24,000 ብር፣ ለቀሩት 15 ቀናት ደግሞ የግማሽ ወር ደመወዟን እኩሌታ 6,000 ብር ታገኛለች። ይህም ግብር ሳይቀነስ 30,000 ብር ሲሆን፣ ሥራ ላይ ብትሆን ታገኘው ከነበረው 36,000 ብር በ6,000 ብር ያንሳል። ይህን አስቀድማ ካሰበችው፣ ከ30ኛው ቀን በኋላ ያለውን ጊዜ በዓመት ፈቃዷ ለመሸፈን ከአሠሪዋ ጋር መነጋገር ትችላለች። በአዋጁ መሠረት የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሲሆን፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል።

"ምን ሆነሽ ነው?" ሲባል

ደብዳቤው ቢያጥርም ጥያቄው በቃል መምጣቱ አይቀርም። በአካባቢው ባህል የታመመን ሰው መጠየቅ ደግነት ስለሆነ፣ ጥያቄውን በቁጣ መመለስ ባለጌ ያስብላል። አመስግኖ በሩን በትህትና መዝጋት ይሻላል፦ "ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ሕክምናዬን እየተከታተልኩ ነው፤ ሐኪሜ ዕረፍት አዞልኛል።" ጥያቄው ከተደገመ "ዝርዝሩን ከሐኪሜ ጋር ብይዘው እመርጣለሁ፤ ማስረጃውን ለሰው ሀብት አስገብቻለሁ" ማለት ይበቃል። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አስቀድሞ ያዘጋጀ ሰው ድንገት ተጠይቆ ሁሉንም ከመናገር ይድናል።

አንዳንዶች በዚህ ጊዜ "ታይፎይድ ነው"፣ "ጨጓራዬን ነው" ብለው ያልፋሉ። ዝርዝርን መተውና ሐሰት መናገር ግን የተለያዩ ናቸው። በቃል የተነገረው በሽታና በኋላ የሚቀርበው ማስረጃ ካልተጣጣሙ የሠራተኛው ታማኝነት ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የተገዛ ወይም ቀኑ ወደ ኋላ የተጻፈ ማስረጃ ማቅረብ ደግሞ ሥራን ሊያሳጣ ይችላል።

ማስረጃ ያልቀረበት ፈቃድ

ሌላው ስሕተት ፈቃዱን በስልክ ወይም በቴሌግራም ብቻ ጠይቆ መቅረት ነው። መልእክቱ ለማግስቱ ማሳወቂያ ያገለግላል፤ አለቃው ቢቀየር ወይም ነገሩ ቢካድ ግን ያለ በቂ ምክንያት እንደቀረ ሰው ሊቆጠር ይችላል። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ላይ የተቀባይ ፊርማ፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ማስፈር፣ በኢሜይል ከሆነም የተላከውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ወደ ሥራ ሲመለሱም ተመሳሳዩ መርሕ ይሠራል። ለጊዜው የሌሊት ፈረቃ ወይም ትርፍ ሰዓት መሥራት የማይችል ሰው የሕመሙን ስም ሳይሆን የሚቸግረውን ተግባር ይገልጻል፦ "በሐኪም ምክር መሠረት ለአራት ሳምንታት ከመደበኛ የሥራ ሰዓት ውጭ እንዳልመደብ እጠይቃለሁ።" አሠሪው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ላይቀበለው ይችላል። ያም ሆኖ ጥያቄው በጽሑፍና በሐኪም ማስረጃ ተደግፎ በማኅደር መቀመጡ፣ ሕመሙ ቢያገረሽ ሠራተኛው አስቀድሞ ማሳወቁን ያሳያል።