የበዓል መልካም ምኞትና ስጦታ በሥራ ቦታ

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ለክርስቲያን ባልደረባ በዓል ሲደርስ «እንኳን አደረሰዎ» ይባላል፤ መልሱ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። ስቅለት ግን የሐዘንና የስግደት ቀን በመሆኑ ምኞቱ እስከ ትንሣኤ ይቆያል። ለሙስሊም ባልደረባ በጾሙ ወር «ረመዳን ሙባረክ»፣ ዒድ ሲታወጅ «ዒድ ሙባረክ» ይባላል።

በስጦታ በኩል ከሁሉ የሚያስቸግረው ሥጋ ነው፤ በልማድ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚበላው የሃይማኖት ወገኑ ያረደውን ነው። ቅቤና እንቁላል የገባበት ኬክም በገና ዋዜማ ቢሰጥ ጾመኛው አይቀምሰውም። ስለዚህ ቡና፣ ስኳር ወይም ተምር ይመረጣል። በረመዳን ተምሩን ከሥራ መውጫ ላይ መስጠት ደግነት ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ጾሙ ብዙ ጊዜ የሚፈታው በተምር ስለሆነ ለዚያው ምሽት ኢፍጣር ይደርሳል።