«አብላ» ማለት «እትዬ» ማለት ነው?

ባለፈው እሑድ ባሕር ዳር እናቴ ቤት ተሰብስበን ቡና እየጠጣን ነበር። የእህቴ ልጅ የቱርክ ድራማ በስልኳ ታያለች። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር እኛ የቱርክን ድራማ በአማርኛ ሰምተን ነው የለመድነው። የአሁን ልጆች ግን ከነቱርክኛ ድምፁ ነው የሚያዩት። እናም ድንገት ቀና ብላ፣ «አጎቴ፣ አብላ ማለት እትዬ ማለት ነው?» አለችኝ።

«አዎ» ልል አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። «እትዬማ እኔ ነኝ» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ከዚያ ሳቅ በኋላ የመጣብኝን ሐሳብ እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም። ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

መዝገበ ቃላት ብትገልጡ አብላ «ታላቅ እህት» ነው። ትክክል ነው፤ ግን «ታላቅ እህቴ፣ ቡና ቅጂልኝ» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አማርኛችን ስለ ሰው ሲያወራና ሰውን ሲጠራ ሁለት የተለያዩ ቃላት ይጠቀማል። ስናወራ «ወንድሜ» እና «እህቴ» እንላለን። እነዚህ ቃላት ዕድሜ የላቸውም፤ «ታላቅ» ወይም «ታናሽ» ብለን ካልጨመርንበት ማን ቀድሞ እንደተወለደ አይታወቅም። ስንጠራ ግን ዕድሜው ቃሉ ውስጥ ይገባል። ወንዱ «ጋሼ» ይሆናል፤ ብዙ ሰው «ጋሻዬ» ከሚለው የመጣ ነው ይለዋል። ሴቷ «እትዬ» ትሆናለች። «እት» እህት ማለት ነው፤ «እታለም» በሚለው ስም ውስጥም እናገኘዋለን። ስለዚህ «እትዬ» ቃል በቃል «እህትዬ» ነው። እስከዚህ ድረስ የእህቴ ልጅ ልክ ናት፤ አብላና እትዬ አንድ ይመስላሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ቃሉን ማን ለማን እንደሚለው ስንጠይቅ ነው።

የልጅነት ቤታችንን ላስታውስ። አባቴን ታናሽ ወንድሙ «ጋሼ» ይለዋል። ቤታችን የምትሠራው ልጅም «ጋሼ» ትለዋለች። በአንድ ምሽት፣ በአንድ ማዕድ ፊት፣ ለአንድ ሰው ሁለቱም አንድ ቃል ይጠሩ ነበር። አጎቴ «ጋሼ፣ ና እንብላ» ሲል፣ እሷ «ጋሼ፣ ራት ቀርቧል፣ ይምጡ» ትላለች። እናቴንም የአባቴ ታናሽ እህት «እትዬ፣ ተቀመጪ» ትላታለች፤ ሠራተኛዋ «እትዬ፣ ይቀመጡ» ትላታለች። ቃሉ አንድ ነው፤ ዝምድናውን የለየው ግሡ ነው። «ና» ካለ ወንድም ነው፤ «ይምጡ» ካለ ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ነው ጋሼን ብቻ ነጥሎ የሚተረጉም ሰው የሚሳሳተው። በጋሼና በ«ና» መካከል የጋራ እናትና አባት አሉ፤ በጋሼና በ«ይምጡ» መካከል ደሞዝ አለ።

እናቴ «እትዬማ እኔ ነኝ» ያለችውም ለዚህ ነው። በከተማ ቤት ውስጥ «እትዬ» ታላቅ እህት ከመሆን አልፎ የቤቱ እመቤት መጠሪያ ሆኗል። የቱርኳ አብላም ከቤት ትወጣለች፤ ለጎረቤት ሴት፣ ለባለ ሱቋ፣ በዕድሜ ትንሽ ለምትበልጥ ለማንኛዋም ሴት ይባላል። ሁለቱም ቃላት ከእናት ማኅፀን ወጥተው ወደ አደባባይ ሄደዋል፤ የሄዱበት መንገድ ግን ለየቅል ነው።

የኮሪያው «ኦፓ» ደግሞ ሌላ ነው። ኦፓ የሚለው ሴት ብቻ ናት፤ ታላቅ ወንድሟን ወይም በዕድሜ የሚበልጣትን የምትቀርበውን ወንድ እንዲህ ትለዋለች። ወንድ ታላቅ ወንድሙን የሚጠራበት ቃል «ሂዮንግ» ነው። የእኛ ጋሼ የተናጋሪውን ጾታ አይጠይቅም። በዚያ ላይ የኮሪያ ልጅ ፍቅረኛዋን ኦፓ ስትለው እየቀረበችው ነው። የእኛ አገር ልጅ የሚከጅላትን ወንድ «ጋሼ» ካለችው ግን ነገሩ አብቅቷል፤ ልብሱን አራግፎ ይነሣ። እንግሊዝኛም ለዚህ ቃል የሚሆን ትርጉም አላገኘም። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦፓን እንዳለ ተቀብሎ አስገባው። ሊተረጉሙት ያልቻሉትን መበደር ክብር ነው፤ ሽንፈት አይደለም።

በጣም የሚመሳሰሉት ደግሞ የባሰ ያሳስታሉ። የቱርክ አባት ሴት ልጁን «ባባጅም» ሊላት ይችላል፤ «አባትዬ» እንደ ማለት ነው። እኛም ልጆቻችንን በወላጅ ስም እንጠራለን፤ ስለዚህ አንድ ልማድ ይመስላል። ግን ልብ በሉ፤ የቱርኩ አባት በልጁ ላይ የሚጥለው የራሱን መጠሪያ ነው። የእኛ አባት ሴት ልጁን «እናቴ» ይላታል፤ እናት ወንድ ልጇን «አባቴ» ትለዋለች። የቱርኩ «እኔ አባትሽ ነኝ» ይላል፤ የእኛው «አንቺ ለእኔ እናት ነሽ» ይላል። ሁለቱንም «ልጄ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሁለቱንም አጥቷል።

ዝምድና የሌለው ሰው በዝምድና ስም የሚጠራው በፍቅር ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትሞኙ። በልጅነታችን የሰማናቸውን ተረቶች አስታውሱ። ጅብ በተረት ውስጥ «አያ ጅቦ» ነው። በጎጃም ገጠር «አያ» ለታላቅ ወንድም፣ ለአባወራ፣ ለተከበረ ጎልማሳ የሚባል ነው። ጅቡን ግን ማንም አላከበረውም፤ ፈርቶት ነው። ጦጣዋ ደግሞ «እመት ጦጢት» ናት፤ ትንሽ ብትሆንም ብልጠቷ ያስከብራታል። የተረቱ ሰዎች አንድ ነገር ያውቁ ነበር፦ ሊበላህ የሚችለውን ሰው ዘመድ አድርገህ ጥራው።

በጣና ገዳማትም ዕድሜ ብቻውን አይወስንም። ከዳጋ እስጢፋኖስ ወይም ከክብራን ገብርኤል የመጣ ወጣት መነኩሴ «አባ» ነው፤ የሰባ ዓመት ገበሬ ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ይሳለማል። በዘጌ የአብነት ተማሪ መምህሩን «የኔታ» ይላል፤ «የኔ ጌታ» ማለት ነው። እዚያ አባትነትን የሰጠው ምንኩስና ነው፤ ጌትነትን የሰጠው ትምህርት ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ መሰላል ለማፍረስ የሞከረ አልነበረም? ነበረ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ አብዮቱ «ጓድ» የሚለውን ቃል ይዞ መጣ። ባሕር ዳር ያኔ የሠራተኛ ከተማ ሆና ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫም በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ከየወረዳው የመጣ የማይተዋወቅ ሰው በአንድ ማሽን ጎን ይቆም ነበር። ጓድ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሕዝብ የተሰፋ ልብስ ይመስል ነበር፤ ዕድሜ የለው፣ ጾታ የለው፣ ጌታና ሎሌ የለው።

ነገር ግን ጓድ ከስብሰባ አዳራሽ አልፎ ማዕድ ቤት አልገባም። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ጓድ የተባለው ሰው ቤቱ ሲደርስ ጋሼ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዝምድና መጠሪያ ማን ቀድሞ እንደሚታጠብ፣ ማን እንደሚነሣ፣ ማን ለማን እንደሚያዝን ይናገራል፤ ጓድ ስለዚህ ሁሉ ምንም አይናገርም። ሁሉንም እኩል አደርጋለሁ ያለው ቃል ራሱም ዞሮ ዞሮ ማዕረግ ሆነ፤ «ጓድ ሊቀመንበር» ሲባል እኩልነቱ የት እንዳለ ፈልጉ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ጓድ አብሮ ሄደ። ጋሼና እትዬ ቀሩ።

መቅረታቸው ጥሩ ነው ወይ? እዚህ ላይ ነው የእኔ ዕዳ ያለው።

ቤታችን ትሠራ የነበረችው ልጅ ከጢስ ዓባይ አካባቢ የመጣች ነበረች፤ ከእኔ ስድስት ዓመት ትበልጣለች። የጎረቤታችን ልጅም የእሷ እኩያ ነበረች። የጎረቤቷን ልጅ በስሟ ብቻ ከጠራሁ እናቴ ትቆጣለች፤ «እትዬ በላት፣ ታላቅህ ናት» ትለኛለች። አጥር ለአጥር ተጎራብተው የሚኖሩ እኩዮች ነበሩ፤ አንዷ እትዬ ሆነች፣ ሌላዋን በስሟ ብቻ፣ «አንቺ፣ ውኃ አምጪ» እያልኩ አደግሁ። ማንም አላረመኝም። እኔም መጠሪያው የሚለካው በዕድሜ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ቢሆንማ ኖሮ ስድስት ዓመቷ የት ገባ? በአንድ ቤት ውስጥ ታላቅነት ዕድሜ ይሁን ሌላ ነገር ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ልጆቹ ሠራተኛዋን ምን ብለው እንደሚጠሩ ይስማ። ፈተናው ይኸው ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ባሕር ዳር ገበያ አገኘኋት። እንጀራ እየጋገረች ለሆቴሎች ታስረክባለች፤ የራሷ ሠራተኞች አሏት። ሰላም ልላት ስል ቃል አጠረኝ። በስሟ ልጥራት? እህቴ ልበላት? በመጨረሻ «እትዬ» አልኩና ስሟን ጨመርኩበት።

ትንሽ ዝም አለችና ሳቀች። «ዛሬ ታላቅህ ሆንኩ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የዘገየ ክብር መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። አጠገቧ የቆመችው ወጣት ሠራተኛ ግን «እትዬ፣ መኪናው መጥቷል፣ ይምጡ» አለቻት።

የእህቴን ልጅ ጥያቄ የመለስኩት ከዚያ ትዝታ ጋር ነው። «አብላ ማለት እትዬ ማለት ነው፤ ግን መጀመሪያ ማን ለማን እንዳለው፣ ቀጥሎም ና ነው ወይስ ይምጡ እንዳለ ስሚ» አልኳት። እሷም ወደ ስልኳ ተመለሰች።

እናንተስ? በቤታችሁ እትዬ የምትባለዋ ማን ናት? በዕድሜ እየበለጠቻችሁ በስሟ ብቻ የምትጠሯትስ?