በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ከሚያውቃቸው ሦስት የኑዛዜ ዓይነቶች አንዱ ሲሆን፣ ሌሎቹ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረገውና የቃል ኑዛዜ ናቸው።

== ፎርም ==
በአንቀጽ 881 መሠረት ኑዛዜውን ተናዛዡ ራሱ ወይም እሱ እያስጻፈው ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል። ጽሑፉ ግን በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑም በኑዛዜው ላይ ይጻፋሉ። ከዚያም ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያውኑ ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያኖራሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ (አንቀጽ 882)።

== የተለመደ ስሕተት ==
ለምሳሌ በነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ የምትኖር እናት ቤቷን ከልጆቿ ለአንዷ ስትናዘዝ፣ ራፖር ጸሐፊ ጽፎላት አራት ምስክሮች ፈረሙ እንበል። «በተናዛዧና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቧል» የሚል ቃል ግን አልሰፈረም። ሌሎቹ ልጆች ሲቃወሙ ፍርድ ቤቱ ኑዛዜውን ፈራሽ ሊያደርገው ይችላል፤ መነበቡ መጠቀስ ያለበት በራሱ በኑዛዜው ላይ ነውና። ሌላ ኑዛዜ ከሌለ ቤቱ በሕግ ለልጆቹ እኩል ይተላለፋል።