የኢሜይል ሁለተኛ ቁልፍ፦ ስልክ ሲጠፋ ጽሕፈት ቤቱ እንዳይዘጋ

የማዳበሪያ ጥያቄን፣ የአባላትን መዝገብና የክፍያ ሰነድን በኢሜይል የሚለዋወጥ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጽሕፈት ቤት የይለፍ ቃሉን ቢሰረቅ ጉዳቱ ቀላል አይሆንም። ሌባው በማኅበሩ ስም ለእህል ገዥው ደብዳቤ ጽፎ፣ ገንዘቡ ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ሊያደርግ ይችላል። ይህን ለመከላከል ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ በስልክ የሚገኝ ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ የሚጠይቅ አሠራር አለ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይባላል። ይሁን እንጂ ይህ ቁልፍ ሌባውን ብቻ ሳይሆን ስልኩ የጠፋበትን ሠራተኛም ውጭ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ መለዋወጫው ቁልፍ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

አጀማመሩ

ለአብነት ሥራ አስኪያጅ፣ ሒሳብ ሹም፣ የንብረት ክፍል ኃላፊና ጸሐፊ ያሉት፣ ሁሉም በየግላቸው የጂሜይል አድራሻ የሚሠሩበትን ቢሮ እንውሰድ። አራቱንም በአንድ ቀን ከማስጀመር በመጀመሪያ ሒሳብ ሹሙን፣ ቀጥሎም ሌሎቹን በየተራ ማስጀመር ይሻላል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ቢቸገር የቢሮው ሥራ አይቆምም።

ኮዱ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ሊላክ፣ ወይም በስልኩ ላይ በተጫነ የኮድ መተግበሪያ ሊወጣ ይችላል። መተግበሪያው ይመረጣል፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራልና። መጀመሪያ ላይ ስልኩ በኮምፒውተሩ ላይ ከሚታየው ባለ ነጠብጣብ ሥዕል ምስጢራዊ ቁጥር ያነባል። ከዚያ በኋላ ያንን ቁጥርና ሰዓቱን አጣምሮ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ኮድ ያወጣል።

እዚህ ላይ በአገራችን የሚያጋጥም አንድ እንቅፋት አለ። አንዳንድ ሰው የስልኩን ሰዓት በእጁ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ይለውጠዋል። ያን ጊዜ ስልኩ በስድስት ሰዓት ስለሚዛባ ኮዱ በትክክል ቢጻፍም ተቀባይነት አያገኝም። መፍትሔው ሰዓቱ ከኔትወርክ በራሱ እንዲስተካከል ማድረግ ነው።

መለዋወጫው ቁልፍ

ማረጋገጫው እንደበራ፣ ሠራተኛው ከኮምፒውተሩ ሳይነሳ `2-Step Verification` በሚለው ገጽ ላይ `Backup codes` የሚለውን ይክፈት። አሥር ኮዶች ይሰጡታል፤ እያንዳንዳቸው ስምንት አኃዝ ያላቸውና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው። በወረቀት ታትመው በፖስታ ይታሸጉ፤ በፖስታው ላይ የሠራተኛው ስም ተጽፎ፣ እሽጉ ላይ ፊርማው ያርፍበትና በገንዘብ ካዝናው ይቀመጥ። የይለፍ ቃሉ ግን አብሮ አይጻፍ። ኮዶቹን በዚያው ስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ መለዋወጫውን ከዋናው ቁልፍ ጋር በአንድ ኪስ እንደመያዝ ነው።

ስልኩ የጠፋ ዕለት

ሒሳብ ሹሙ ቅዳሜ በገበያ ስልኩን ቢጥል፣ በመጀመሪያ ወደ ስልክ አገልግሎት ሰጪው ሄዶ ወይም ደውሎ ሲም ካርዱን ያዘጋ። ሰኞ ጠዋት በሥራ አስኪያጁ ፊት ፖስታውን ከፍቶ፣ በይለፍ ቃሉና በአንዱ ኮድ ይግባ፤ የተጠቀመበትንም ይሰርዝ።

ብዙዎች እዚህ ደርሰው ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። የጠፋው ስልክ ግን አሁንም ኢሜይሉ እንደተከፈተበት ነው። ስለሆነም `Your devices` ከሚለው ዝርዝር የጠፋውን ስልክ መርጦ ማስወጣት፣ የይለፍ ቃሉን መለወጥና አሮጌውን የኮድ መተግበሪያ ከሒሳቡ መሰረዝ ያስፈልጋል። ከዚያም አዲሱ ስልክ ይመዝገብ፣ አዲስ አሥር ኮዶች ይውጡ። አዲሶቹ ሲወጡ አሮጌዎቹ ስለሚሻሩ ፖስታው ወዲያውኑ መተካት አለበት፤ ያ ካልሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ከካዝናው የሚወጣው የማያገለግል ወረቀት ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ ተንኮል ሊመጣ ይችላል። ሰው ደውሎ «ስልኬ ጠፍቷል፣ ከፖስታው አንድ ኮድ አንብቡልኝ» ቢል፣ ድምፁ የባልደረባ ቢመስልም አይነበብለት። ባለቤቱ ራሱ በአካል መጥቶ ይክፈት።

ፖስታ ያላዘጋጀና ሌላ መግቢያ መንገድም ያላስመዘገበ ሠራተኛ በነፃው ጂሜይል የሚረዳው አስተዳዳሪ የለውም። የጉግልን የመልሶ ማግኛ ጥያቄ ሞልቶ መጠበቅ ይኖርበታል፤ ይህም ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ ላይሳካም ይችላል። በክፍያ በሚገኘው የድርጅት አገልግሎት ግን አስተዳዳሪው ለሠራተኛው አዲስ ኮድ ማውጣት ይችላል። አስተዳዳሪው አንድ ብቻ ሆኖ የራሱ ስልክ ከጠፋ ግን ችግሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ አስተዳዳሪዎች ሁለት ይሁኑ።

ዝግጅቱ መሥራቱን ለማወቅ አንድ ሠራተኛ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ትቶ፣ ከዚህ በፊት ባልገባበት ኮምፒውተር በፖስታው ኮድ ለመግባት ይሞክር። ካልቻለ ስሕተቱ የሚታረመው ስልኩ በእጁ እያለ ነው።